የነፍሰ ጡር የልብ ምት፦ በየወሩ ስንት ይሆናል? ሚድዋይፍ ጋ የሚያስኬደውስ የቱ ነው?

ማታ 3 ሰዓት ገደማ ስልኬ ጠራ። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት።

«ሲስተር፣ ሰዓቴ 114 እያለኝ ነው። ልቤ ልትወጣ ነው።»

«አሁን ምን እያደረግሽ ነው?»

«ተኝቻለሁ።»

«እንዴት ነው የተኛሽው?»

«በጀርባዬ።»

በግራ ጎኗ እንድትዞር፣ አሥር ደቂቃ ዝም ብላ እንድትቆይ፣ ከዚያ በጣቷ ቆጥራ እንድትደውልልኝ ነገርኳት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ደወለች። 92። ለካ ከመተኛቷ በፊት ልብስ አጥባለች፣ እንግዳ ሸኝታለች፣ ቶናውንም ጠጥታለች።

ያቺ ሴት ምንም አልሆነችም። ሌላ ቀን ደግሞ 112 ሆኖባት የመጣችና የዚያኑ ዕለት ወደ ሆስፒታል የላክኋት ሴት አለች። ታሪኳን ወደ ታች እነግርሻለሁ። ሁለቱ ሴቶች የያዙት ቁጥር ተቀራራቢ ነው። የለያቸው አለካኩና ከቁጥሩ ጋር አብሮ የመጣው ነገር ነው። ስለዚህ ከቁጥሩ በፊት አለካኩ ላይ ትንሽ እንቆይ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላጥራ። እዚህ የማወራው ስለ እናትየዋ ልብ ነው። የጽንሱ ልብ ሌላ ነው፤ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ይመታል። ሁለቱን ማምታታት ቀላል ነው። ቤታቸው ውስጥ በትንሽ ዶፕለር ሲያዳምጡ የራሳቸውን የደም ሥር ሰምተው «ልጄ 90 ሆነ» ብለው የሚደነግጡ አሉ። የባሰው ግን የራሳቸውን 120 ሰምተው «ልጄ ደህና ነው» ብለው የሚተኙት ናቸው። እኛም የጽንሱን ልብ ስናዳምጥ በሌላ እጃችን የእናትየዋን አንጓ የምንይዘው ለዚህ ነው። (ከ140 በላይ ከሆነ ሴት፣ ከዚያ በታች ወንድ የሚባለውን ደግሞ እርሺው። ተፈትሾ ውሸት ሆኖ ተገኝቷል።)

ደረጃ 1፦ በትክክል መቁጠር

ጥሩው ሰዓት ጠዋት ነው፤ ከአልጋ ወርደሽ፣ ሽንት ቤት ደርሰሽ መጥተሽ፣ ቡና ሳትቀምሺ። በሌላ ሰዓት ከሆነም ደረጃ ከወጣሽ፣ ከበላሽ ወይም ቡና ከጠጣሽ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አሳልፊ።

1. ወንበር ላይ ተደግፈሽ ተቀመጪ። እግርሽ መሬት ይንካ። አምስት ደቂቃ አታውሪ፣ ስልክም አትነካኪ።
2. አንድ እጅሽን ጭንሽ ላይ መዳፉን ወደ ላይ አድርገሽ አሳርፊው። የሌላኛውን እጅ ሌባ ጣትና መሃል ጣት ከአውራ ጣት ሥር፣ አንጓው ላይ ካለችው ጎድጎድ ያለች ቦታ አሳርፊ። ቀስ ብለሽ ጫን። አጥብቀሽ ከተጫንሽው ምቱ ይጠፋል።
3. በአውራ ጣትሽ አትቁጠሪ። እሱ የራሱ ምት ስላለው ያሳስታል።
4. ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሪ። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ለቸኮለ ነው። በዚያ አለካክ የሁለት ምት ስህተት ስምንት ይሆናል፣ ምቱ ሥርዓት መልቀቁም አይታወቅም።
5. ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የእርግዝናሽን ሳምንት ጻፊ።

በመሣሪያ የምትለኪ ከሆነ ጣት ላይ የሚሰካው ኦክሲሜትር ሁለት ቁጥር ያሳያል። `SpO2` የኦክስጅን መጠን ነው። `PR` ወይም `bpm` የሚለው ነው የልብ ምት። ብዙ ሰው ሁለቱን ያቀያይራል። አንዷ እናት «ምቴ 97 ነው» ብላ አንድ ሳምንት ሙሉ ስታስብ ከርማ፣ ሲታይ 97ቱ ኦክስጅኗ ነበር። ምቷ 84 ነው። ጣትሽ ከቀዘቀዘ ወይም ጥፍርሽ ላይ ቀለም ወይም እንሶስላ ካለ መሣሪያው ሊሳሳት ይችላል። ጣቱን አሙቂ፣ ካልሆነም ሌላ ጣት ሞክሪ።

የእጅ ሰዓት ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ብዙዎቹ «የዕረፍት ምት» ብለው የሚሰጡት ቁጥር በእንቅልፍ ሰዓት ያለውን ጭምር ይዞ ነው። ስለዚህ ተቀምጠሽ ከምትቆጥሪው ያንሳል። ሰዓቱን ከሰዓቱ፣ ጣትሽን ከጣትሽ ጋር አወዳድሪ፤ አንዱን ከሌላው ጋር አትደባልቂ። ሰዓቱ የሚያስደነግጥ ቁጥር ሲያሳይ ደግሞ ያው በጣት ቆጥሮ ማረጋገጥ ነው።

ደረጃ 2፦ የራስሽን መነሻ ማወቅ

አንዷ በተፈጥሮዋ 62 ነው፣ ሌላዋ 84። ሁለቱም ጤነኛ ናቸው። ሁለቱም ሰባተኛ ወር ላይ 96 ቢሆኑ ግን ለመጀመሪያዋ ትልቅ ዝላይ ነው፣ ለሁለተኛዋ ምንም።

ለማርገዝ እያሰብሽ ከሆነ አሁኑኑ ሦስት ጠዋት ቆጥረሽ መካከለኛውን ያዢ። ካረገዝሽ በኋላ ከጀመርሽ የመጀመሪያ ክትትልሽ ላይ የተመዘገበው መነሻሽ ይሁን። ከዚያ በኋላ በሳምንት አንዴ ይበቃል። በቀን አሥሬ መቁጠር ራሱ ልብን ያስሮጣል፤ ይህን የምለው በስንቷ ላይ አይቼ ነው።

ደረጃ 3፦ በየወሩ የሚጠበቀውን ማወቅ

ልብ ለምን ይፈጥናል? ሰውነትሽ ለእንግዴ ልጁና ለማሕፀኑ ተጨማሪ ደም ማዳረስ አለበት። መጀመሪያ የደም ሥሮች ይላላሉ፣ ይሰፋሉ። ከዚያ የደሙ መጠን ቀስ በቀስ ይጨምራል፤ መጨረሻው አካባቢ ከ40 እስከ 50 በመቶ የበለጠ ደም አለሽ ማለት ነው። ያንን ሁሉ የሚገፋው ያው አንድ ልብ ነው። በየምቱ የሚረጨውን ይጨምራል፣ ፍጥነቱንም ይጨምራል። በጠቅላላው እስከ መጨረሻዎቹ ወራት ከመነሻሽ ከ10 እስከ 20 ምት መጨመር የሚጠበቅ ነው። መንታ ከሆነ ትንሽ ሊበልጥ ይችላል።

በ2020 የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት ወደ 1,000 የሚጠጉ ነፍሰ ጡሮችን ተከታትሎ፣ በ12ኛው ሳምንት አማካዩ 82 አካባቢ እንደሆነ፣ ቀስ እያለ ወጥቶም በ34ኛው ሳምንት 91 ገደማ እንደሚደርስ አሳይቷል። አማካይ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። በ12ኛው ሳምንት ከ63 እስከ 105፣ በ34ኛው ሳምንት ከ68 እስከ 115 ድረስ የነበራቸው ሴቶችም ነበሩ። ይህ ምን ይነግርሻል? መጨረሻው አካባቢ 105 የሆነች ሴት ሁሉ ታማለች ማለት አይደለም። «ትታይ» ማለት ብቻ ነው።

*እስከ ሦስተኛው ወር።* ምቱ መጨመር የሚጀምረው ቶሎ ነው፤ አንዳንዷ የወር አበባዋ በቀረ በሁለትና በሦስት ሳምንት ደረጃ ስትወጣ ታውቀዋለች። ጭማሪው ግን ትንሽ ነው። በዚህ ጊዜ ምቱ ድንገት ከ100 ካለፈ መጀመሪያ የማስበው ማስመለሱን ነው። ውሃ እንኳ አልረጋ ያላት ሴት ሰውነቷ ይደርቃል፣ ልቧ ይሮጣል። ሽንትሽ ጠቆር ካለ፣ ከቀነሰም፣ ስትቆሚ ካዞረሽ፣ ቤት ተቀምጦ የሚያልፍ ነገር አይደለም፤ ግሉኮስ ሊያስፈልግሽ ይችላል። አንገትሽ ላይ እንቅርት ካለ፣ እጅሽ ከተንቀጠቀጠና ሙቀት ካስቸገረሽ ደግሞ የታይሮይድ ምርመራ ጠይቂ። አንድ አደገኛ ነገርም አለ፦ በአንድ በኩል የታችኛው ሆድ ሕመም፣ ራስን መሳት ወይም ትከሻ ላይ የሚወጋ ሕመም ከፈጣን ምት ጋር ከመጣ፣ ጽንሱ ከማሕፀን ውጭ ይዞ ውስጥ ለውስጥ እየደማ ሊሆን ይችላል። ይህ ነገ የሚባል አይደለም።

*ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር።* ማስመለሱ ያልፋል፣ ሴትየዋም ትፈካለች። የደም ሥሮቹ ስለላሉ የደም ግፊቱ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ብድግ ስትዪ ዓይንሽ ጭልም ሊል ይችላል። ልብ ይህን ለማካካስ ትንሽ ይፈጥናል። ውሃው ከቀይ የደም ሕዋሱ በበለጠ ስለሚጨምር ደሙ ይቀጥናል። ብረትሽ አነስተኛ ከሆነ ደም ማነሱ የሚወጣው እዚህ ነው። ደረጃ ላይ መድከም፣ የዐይን ቆብ ውስጡ መንጣት፣ ልብ መምታት። ምትሽ በየሳምንቱ እየወጣ ከመጣ የደም ምርመራሽ መቼ እንደተሠራ እዪ። ብረቱን «ሆዴን ያደርቀኛል» ብለሽ ከተውሽውም ለሚድዋይፍሽ ንገሪ። ተቀይሮ የሚሰጥ አለ።

*ከሰባተኛው ወር በኋላ።* የደሙ መጠን ከ28ኛው እስከ 34ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ጣሪያው ላይ ይደርሳል። ምቱም እንዲሁ። እዚህ ላይ ነው በጀርባ የመተኛት ጣጣ የሚመጣው። የከበደው ማሕፀን ከእግር ወደ ልብ ደም የሚመልሰውን ትልቁን የደም ሥር ይጫነዋል። ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ያንሳል፣ ልብ በፍጥነት ሊያካክስ ይሞክራል፣ ሴትየዋን ያልባታል፣ ያቅለሸልሻታል። ወደ ጎን ስትዞር በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃታል። በማታ የደወለችልኝ ሴት ነገር ይኸው ነበር።

አልፎ አልፎ ልብ «ዘለል» የምትል ዓይነት ስሜትም አለ፤ አንድ ምት ቀርቶ ቀጣዩ ጠንከር ብሎ ይመጣል። በእርግዝና ይበዛል፣ ብቻውን ከሆነም አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም። ለሚድዋይፏ በቀጠሮሽ መንገር ይበቃል።

ደረጃ 4፦ የትኛው ቁጥር ምን ያስደርጋል?

ከዚህ በታች ያሉት ሁሉ ተቀምጠሽ፣ አርፈሽ የቆጠርሽውን ነው የሚመለከቱት። ከ100 በላይ ካየሽ መጀመሪያ ውሃ ጠጪ፣ በግራ ጎንሽ ጋደም በዪ፣ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ቆይተሽ ተቀምጠሽ ድገሚው።

ከ100 በታች ከሆነና ሌላ ስሜት ከሌለ ጻፊው፣ ቀጥዪ።

ከ100 እስከ 109 ከሆነ በማግስቱም ጠዋት ቁጠሪ። ሁለት ሦስት ቀን ከዚያ ካልወረደ ቀጠሮሽን አትጠብቂ፤ ደውይ ወይም ብቅ በዪ። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ደም ማነስ፣ የውሃ ማነስ ወይም ያልታወቀ ኢንፌክሽን ነው። ሽንት ሲያቃጥል ዝም ያልሽው ራሱ ሊሆን ይችላል።

ከ110 እስከ 119 ሆኖ ከዕረፍት በኋላም ካልወረደ የዚያኑ ቀን ታዪ።

120 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ከዕረፍት በኋላ ካልወረደ አሁኑኑ ጤና ተቋም ሂጂ። ለእናቶች የሚሠራባቸው የማስጠንቀቂያ ሰንጠረዦች ቀይ የሚያበሩት በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው።

ወደ ታችም አለ። ከ50 በታች ከሆነ፣ ወይም ከ60 በታች ሆኖ ካዞረሽ ወይም ካደከመሽ ንገሪ። ስፖርተኛ ካልሆንሽ በእርግዝና ምት መውረዱ ያልተለመደ ነው። ለግፊት ወይም ለልብ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ አንዳንዶቹ ምቱን ያወርዱታል። እንዲህ ያለ መድኃኒት ላይ ያለች ሴት ትኩሳት ወይም ደም መፍሰስ ቢያጋጥማት እንኳ ምቷ ላይጨምር ይችላል፤ ቁጥሩ ደህና ነው ብለሽ አትተማመኚ።

ድንገት እንደ መብራት በርቶ 160 ወይም 180 የሚደርስ፣ ለመቁጠር እንኳ የሚያስቸግር፣ ከዚያም ድንገት ቀጥ የሚል ምት አለ። ሲሄድ ምንም አይቀርምና ሴቶች ችላ ይሉታል። የልቡ የኤሌክትሪክ መስመር ጉዳይ ነው፣ የሚታከምም ነው። ሲጀምርሽ ሰዓቱን ጻፊ፣ ሲያቆምም እንዲሁ። ከተቻለ ምቱ እየሮጠ ሳለ ኢሲጂ መነሳት ነው ጥሩው፤ ስለዚህ እስኪያልፍ አትጠብቂ፣ ሰው ይዘሽ ተነሺ።

የእኔ የግል ልማድ የሆነ አንድ መስመር ልጨምር። ቁጥሩ 100 ባይደርስም በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ከለመድሽው በ20 ከዘለለ እኔ ሴትየዋን ማየት እፈልጋለሁ። ከ70 ወደ 94 የዘለለች ሴት በሰንጠረዡ አረንጓዴ ናት። ለእኔ ግን ጥያቄ ናት።

ቁጥሩ ስንትም ይሁን፣ እነዚህ ካሉ መቁጠሩን ተይውና ሂጂ፦ የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት፣ ቁጭ ብለሽ ትንፋሽ ማጠር፣ ጋደም ማለት አለመቻል፣ ደም ወይም አረፋ የቀላቀለ ሳል፣ የአንድ እግር ብቻ ማበጥና ማመም፣ ደም መፍሰስ፣ 38 እና ከዚያ በላይ ትኩሳት፣ የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ። ሽርት ውሃ ፈስሶ ምት ከጨመረና ብርድ ብርድ ካለሽም እንዲሁ፤ በማሕፀን ውስጥ ኢንፌክሽን ጀምሮ ይሆናል።

አንድ ገደብም እወቂ። የልብ ምት የደም ግፊትን አይነግርሽም። ግፊቷ 160/110 የደረሰ ሴት ምቷ 82 ሊሆን ይችላል። ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ወይም የላይኛው ሆድ ሕመም ካለ መለካት ያለበት ግፊቱ ነው።

112 ሆኖባት የመጣችው ሴት

24 ዓመቷ ነው፣ የመጀመሪያ እርግዝናዋ። ካርዷ ላይ እንዲህ ይላል፦

በ14ኛው ሳምንት፦ 82
በ20ኛው ሳምንት፦ 90
በ26ኛው ሳምንት፦ 112

ከታክሲ ወርዳ ዳገት ወጥታ ስለመጣች ሃያ ደቂቃ አስቀመጥኳት። ደግሜ ቆጠርኩ። 108። እንደገና። 110። ትኩሳት የለም። ግፊቷ 100/65። ሄሞግሎቢኗ 11.4፤ ስለዚህ ደም ማነሱ ይህን አያስከትልም። ትንፋሿን ቆጠርኩት፤ በደቂቃ 26። ይህ ለተቀመጠች ሴት ብዙ ነው። በእርግዝና ትንፋሽ ይረዝማል እንጂ ቁጥሩ ብዙም አይጨምርም።

«በስንት ትራስ ነው የምትተኚው?» አልኳት።

ሳቀች። «በሁለት ነበር። ሰሞኑን ግን ሦስት አድርጌያለሁ። በአንድ ስተኛ ሳል ያጣድፈኛል።»

«በልጅነትሽ መገጣጠሚያሽን አሞሽ ያውቃል?»

«አዎ፣ ጉልበቴ አብጦ ትምህርት ቤት የቀረሁበት ጊዜ ነበር። እናቴ ምች ነው ብላ አጠነችኝ።»

ከዚህ በኋላ ብዙ አላሰብኩም። በልጅነት ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ቆይቶ የልብን በር ሊያጠብ ይችላል፤ በአገራችን ወጣት ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው የሩማቲክ የልብ ሕመም ይህ ነው። ብዙዎቹ መታመማቸውን የሚያውቁት ሲያረግዙ ነው። ምክንያቱም ቀላል ነው። ልብ የሚሞላው በሁለት ምት መሃል ባለችው ዕረፍት ነው። በሩ ከጠበበ ለመሙላት ጊዜ ይፈልጋል። እርግዝናው ግን በአንድ በኩል ደሙን ያበዛዋል፣ በሌላ በኩል ምቱን አፍጥኖ ዕረፍቱን ያሳጥረዋል። ማለፍ ያቃተው ደም ወደ ሳንባ ይመለሳል። በአንድ ትራስ ስትተኛ የሚያስላት ይሄ ነው።

የዚያኑ ዕለት ሪፈር ጻፍኩላት። በኢኮ ሲታይ የግራው የልብ በር ጠቧል። ምቱን የሚያረጋጋና ውሃውን የሚያወጣ መድኃኒት ተሰጣት። በሳምንቱ ምቷ ወደ 80ዎቹ ወረደ፣ ወደ አንድ ትራስ ተመለሰች። የልብ ሐኪም ባለበት ሆስፒታል እንድትወልድ ተደረገ። ከወለደች በኋላም ለቀናት እዚያው ቆየች፤ በማሕፀን የነበረው ደም ወደ ዋናው ዝውውር ሲመለስ እንዲህ ያለ ልብ የሚፈተነው ያን ጊዜ ነውና።

ለዚህ ነው ከቁጥሩ ጋር «በስንት ትራስ?» ብለሽ ራስሽን ጠይቂ የምለው። ቃር ለማስታገስ ትራስ የሚጨምሩ አሉ፣ እሱ ሌላ ነው። ሌሊት በትንፋሽ እጥረት ብድግ የምታደርግ፣ መስኮት የምታስከፍት ከሆነች ግን ቃር አይደለም።

ደረጃ 5፦ በምጥና በአራስነት

በምጥ ላይ ምት ከፍ ዝቅ ይላል። ምጡ ሲመጣ 110፣ በምጦቹ መሃል 90፣ ስትገፊ 130 ሊደርስ ይችላል። እኛ የምንቆጥረው በሁለት ምጥ መሃል ነው። በዓለም ጤና ድርጅት የምጥ መከታተያ ቅጽ ላይ 120 እና ከዚያ በላይ ወይም ከ60 በታች የሆነ ምት ተከብቦ ይጻፋል፤ ያ ማለት አዋላጇ ቆም ብላ ምክንያቱን ትፈልጋለች።

ከወሊድ በኋላ ያለው ጊዜ ላይ ግን በደንብ እንቆይ። በሰላም የወለደች ሴት ምት ይወርዳል። 60ዎቹ ውስጥ ልታይው ትችያለሽ፣ ከዚያ ትንሽ ዝቅ ቢልም ደህና ከሆነች አያስፈራም። በቀጣዮቹ ሁለት ሳምንታት ወደ መነሻው ይጠጋል። እዚህ ጊዜ ላይ ወደ ላይ የሚሄድ ምት ነው የሚያሳስበኝ።

ዋናው ምክንያት ደም መፍሰስ ነው። በእርግዝና የተጠራቀመው ተጨማሪ ደም ለአራሷ መጠባበቂያ ነው። መልካም ነገር ነው፣ ግን ያታልላል። አንድ ሊትር ደም ፈስሶም ግፊቷ ደህና ሊመስል ይችላል። ምቷ ግን ቀድሞ ይናገራል። አንድ ቀላል ስሌት አለ፦ የልብ ምቱን ለላይኛው የግፊት ቁጥር ማካፈል።

ምት 80፣ ግፊት 120/75 ቢሆን፦ 80 ÷ 120 = 0.67። ደህና ናት።
ምት 108፣ ግፊት 100/70 ቢሆን፦ 108 ÷ 100 = 1.08።

0.9 ሲደርስ መጠንቀቅ ይጀመራል። 1.7 ከደረሰ ሕይወቷ አደጋ ላይ ነው። ሁለተኛዋን ሴት ግፊቷን ብቻ ያየ «100 አይከፋም» ይላል። ስሌቱን የሠራ ግን ጨርቁን ገልጦ የፈሰሰውን ያያል፣ ማሕፀኗ መጠንከሩን ይዳስሳል። ማካፈል ለቸገረው አጭሩ እንዲህ ነው፦ ምቱ ከላይኛው የግፊት ቁጥር ከበለጠ ዕርዳታ ጥሪ።

ቤት ከተገባ በኋላ ደግሞ አራሷ በብርድ ልብስ ተሸፍና፣ ገንፎ እየበላች፣ ጠያቂ እየተቀበለች ትቀመጣለች። ቢያልባትም ቢሞቃትም «የአራስ ወግ ነው» ይባላል። ልብሱን አቅልላችሁ ግማሽ ሰዓት አሳርፏትና ቁጠሩ። አሁንም ከ100 በላይ ከሆነ ቴርሞሜትር አምጡ። 38 ከደረሰ፣ የሚወጣው ፈሳሽ ከሸተተ፣ ወይም የታችኛው ሆዷ ሲነካ ካመማት፣ የማሕፀን ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላልና የዚያኑ ቀን ትታይ። ምቱ 110 ካለፈና ግራ የመጋባት ወይም የመደንዘዝ ምልክት ካለ ሌሊትም ቢሆን ተነሱ።

ከወለደች ሳምንታት በኋላ፣ አንዳንዴም አራትና አምስት ወር ቆይቶ፣ የልብ ጡንቻ ሊደክም ይችላል። «ጡት እያጠባሁ ስለሆነ ደከመኝ» ተብሎ ይታለፋል። ፈጣን ምት፣ የሁለቱም እግር ማበጥ፣ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ማጠር አብረው ከመጡ ግን ያው የትራሱ ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል።

ደረጃ 6፦ ስትደውዪ ምን ትያለሽ?

«ልቤ እየመታብኝ ነው» ካልሺኝ ሃያ ጥያቄ እጠይቅሻለሁ። በዚህ መልክ ከመጣ ግን በአንድ ደቂቃ እንጨርሳለን፦

«30 ሳምንት ነኝ። ብዙ ጊዜ 86 ነበርኩ። ዛሬ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተቀምጬ ሙሉ ደቂቃ ቆጠርኩ፣ 113። ግማሽ ሰዓት ጋደም ብዬ ደገምኩት፣ 111። ቡና አልጠጣሁም። ትኩሳት የለኝም፣ ደም የለም፣ ልጁ ይንቀሳቀሳል። የምተኛው በአንድ ትራስ ነው። ከብረት ሌላ መድኃኒት አልወስድም።»

ይህቺን ሴት የዚያኑ ቀን እንድትመጣ እነግራታለሁ። ግፊቷን፣ ትንፋሿን፣ ኦክስጅኗን እለካለሁ፣ ሄሞግሎቢንና ሽንት አዛለሁ፤ ወባ ካለበት አካባቢ ከመጣችም የወባ ምርመራ እጨምራለሁ። ካልተገኘ ኢሲጂ። «በሦስት ትራስ» ብትለኝ ኖሮ ግን ወሬውን አቁሜ ሆስፒታል ሂጂ እላት ነበር። ብቻዋን ከሆነችም የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 እንድትጠራ።